ሚድሄቨንሽ ደለዊ ሳይሆን ሰውር ነው

ጥያቄ፦ «ደሴ ነው የተወለድኩት፣ መጋቢት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። እናቴ ‹9 ሰዓት ሆኖ ነበር፣ የአስር ሶላት አዛን ገና አላለም› ትለኛለች። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ስልኬ ላይ ባለ አፕ ሳስገባው ሚድሄቨኔ ደለዊ ሆነ፤ ዩራነስም አጠገቡ አለ። ትርጉሙ ‹ቴክኖሎጂ፣ ድንገተኛ ዝና፣ ተቀጥሮ መሥራት አይሆንም› ይላል። እኔ ኮምቦልቻ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ ሰልችቶኛል። ሥራዬን ልልቀቅ? ስሜስ የሚታወቀው በምንድን ነው? ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ ከሰዓቱ እንጀምር፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ቀኑን በትክክል ቀይረሽዋል። መጋቢት 12 ቀን 1987 በፈረንጅ ማርች 21 ቀን 1995 ነው፤ ዕለቱም ማክሰኞ ነው። ሰዓቱን ግን እንዳለ ነው ያስገባሽው። እናትሽ 9 ሰዓት ያሉት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አፑ 9:00 ሲባል የሚገባው የኛን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ማስገባት የነበረብሽ 15:00 ነበር።

ይህን በግምት አይደለም የምልሽ። በዚያ ቀን ደሴ ላይ ደለዊ የሰማይ አናት ላይ፣ ማለትም ሚድሄቨን ላይ፣ የነበረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። የአስር ሶላት አዛን ሊቃረብ ሲል የተወለደ ልጅ በምንም መንገድ ደለዊን አናቱ ላይ ሊያገኝ አይችልም። ያነበብሽው ቻርት በዚያው ማክሰኞ ጠዋት፣ ካንቺ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተወለደ ሌላ ሰው ካለ የእሱ ነው።

አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከኛ አገር ከሚደርሱኝ ቻርቶች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ይኸው ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ቀላል ነው፤ ስሌትም አይፈልግም። ቻርቱ ላይ የፀሐይን ምልክት ፈልጊ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ ነው። የቻርቱ ግራ ምሥራቅ ነው፣ ቀኙ ምዕራብ፣ ላይኛው ግማሽ ደግሞ ከአድማስ በላይ ያለው ሰማይ። ከሰዓት በኋላ የተወለደ ሰው ፀሐይዋን ከላይ በቀኝ በኩል ማግኘት አለበት፤ ወደ መጥለቂያዋ እየወረደች ነዋ። ያንቺ አፕ ላይ ፀሐይ ከላይ በግራ ናት። ገና እየወጣች ነው ማለት ነው። ሌሊት የተወለደ ሰው ደግሞ ፀሐይን ከታች ያገኛታል። ሌሊት ሲሆን ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለ ልደት በፈረንጅ አቆጣጠር የማክሰኞ 2:00 ነው እንጂ የሰኞ አይደለም።

አሁን ስድስት ሰዓት ለምን ይህን ያህል እንደሚያበላሽ ልንገርሽ። ሚድሄቨን (አፑ ላይ MC ተብሎ የሚጻፈው) ማለት ፀሐይ በየቀኑ ከፍታዋ ላይ የምትደርስበት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፈው መስመር የኮከቦቹን መንገድ የሚቆርጥበት ነጥብ ነው። ምድር ስለምትዞር ይህ ነጥብ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። በሁለት ሰዓት አንድ ኮከብ ያልፋል፣ በስድስት ሰዓት ሦስት ኮከብ። ፕላኔቶቹ ግን በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ከጨረቃ በቀር፣ ቦታቸውን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አይቀይሩም። ስለዚህ ቬነስሽም፣ ማርስሽም፣ ሳተርንሽም ኮከባቸው ትክክል ነው። የተሳሳተው የተቀመጡበት ቤት፣ ማለትም ከወጪው ኮከብ ጀምሮ ከሚቆጠሩት አሥራ ሁለት የሕይወት ክፍሎች አንዱ፣ ነው። ሥራና ስም የሚነበቡት ደግሞ ከቤት ነው።

አንድ የሚገርም ነገርም ታያለሽ። በስሕተት ባወጣሽው ቻርት ላይ ASC የሚለውን፣ ማለትም በምሥራቅ የሚወጣውን ኮከብ ተመልከቺ። ሰውር ነው፣ 13 ዲግሪ ላይ። ጠዋት አድማስ ላይ የነበረው ከስድስት ሰዓት በኋላ አናት ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው ሚድሄቨንሽም ሰውር ነው፣ 10 ዲግሪ ከግማሽ ላይ። ወጪ ኮከብሽ ደግሞ አሰድ ይሆናል፣ 9 ዲግሪ ላይ። ስድስት ሰዓት የሳተ ማንኛውም ሰው፣ ቻርቱን እስኪያስተካክል ድረስ፣ የተሳሳተውን ወጪ ኮከቡን እንደ እውነተኛ ሚድሄቨኑ ገምቶ ቢጀምር ብዙም አይርቅም። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ይህ ዘዴ ወሎ ላይ ጥሩ ይሠራል። አውሮፓ ውስጥ ለተወለደ ሰው ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል።

«9 ሰዓት» የሚለው ራሱ ግምት ቢሆንስ? ቢሆንም ግድ የለም። በዚያ ቀን ሰውር አናት ላይ የቆየው ከቀኑ 8:20 ገደማ ጀምሮ እስከ 10:15 አልፎ ነው። አሰድም ከዚያው ከ8:20 ገደማ ጀምሮ ወጪ ኮከብ ነበር። በመጋቢት አጋማሽ ደሴ ላይ የአስር ሶላት የሚገባው 9:45 አካባቢ ነው። እናትሽ አዛኑን ማስታወሳቸው ከግድግዳ ሰዓት የበለጠ ጠቅሞናል፤ የላይኛው ድንበር ተዘጋልን። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ ከዙህር ሶላት ምን ያህል ቆይቶ ነበር? ከዙህር ሁለት ሰዓት ያህል አልፎ ከነበረ ሰውር የተረጋገጠ ነው። ወዲያው ከዙህር በኋላ ነው ካሉሽ ግን ሚድሄቨንሽ ሐመል ይሆናል፣ ገዢውም፣ ማለትም የኮከቡ ጌታ የሆነው ፕላኔት፣ ማርስ። ያኔ ከዚህ በታች የምጽፈውን ተይው።

ስለ ቦታው አትጨነቂ። ብዙ ሰው «የተወለድኩበት ቀበሌ አፑ ላይ የለም» እያለ ይጽፍልኛል። ደሴ ብለሽ ብትመርጪም አዲስ አበባ ብለሽ ብትመርጪም ሚድሄቨኑ የሚለያየው በአንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የሰዓት ክልሉ ግን UTC+3 መሆኑን እይ።

ወደ ንባቡ እንግባ። ሚድሄቨን የሥራ ስም አይሰጥም። «ሰውር ከሆነ ባንክ፣ ደለዊ ከሆነ ኮምፒውተር» የሚለው ዝርዝር የአፕ ጽሑፍ ለመሙላት የሚጠቅም ነው እንጂ ሥራ መምረጫ አይደለም። በዚህ ዘዴ ሚድሄቨን የሚነግርሽ በቅርብ የማያውቅሽ ሰው፣ ከሩቅ ስምሽን ሲሰማ፣ ምን ዓይነት ሰው አድርጎ እንደሚስልሽ ነው። ወጪ ኮከብ ደግሞ ፊት ለፊት ያገኘሽ ሰው የሚያየው ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም፣ ያንቺም አይመሳሰሉም። አሰድ ላይ ማርስ አብሮት አለ። በቅርብ ያለ ሰው ቆጣ የምትል፣ ያሰበችውን የምትናገር ሴት ያያል። ከሩቅ ያለው ግን ሰውርን ነው የሚሰማው፦ የማትቸኩል፣ የያዘችውን የማትለቅ፣ ገንዘብና ዕቃ የሚታመንባት።

ይህ ግን ገና ደጃፉ ነው። ዋናው ነገር ገዢው ፕላኔት የት ሄዶ እንደተቀመጠ ነው። የሰውር ገዢ ቬነስ ናት። እዚህ ላይ ሌላ ድንጋጤ እንዳይመጣብሽ፦ ትክክለኛው ቻርት ላይ የሥራና የስም ቤት የሆነው 10ኛ ቤትሽ ባዶ ነው። አንድም ፕላኔት የለበትም። በስሕተቱ ቻርት ላይ ቬነስ እዚያ ስለነበረች የተወሰደብሽ ሊመስልሽ ይችላል። ባዶ ቤት ማለት ሥራ የለሽም ማለት አይደለም። ቤቶቹ አሥራ ሁለት፣ ፕላኔቶቹ ደግሞ በድሮው ቆጠራ ሰባት ናቸው፤ በማንም ቻርት ላይ ባዶ ቤት መኖሩ የግድ ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ታሪኩ ጠቅላላ ወደ ገዢው ይዞራል።

ያንቺ ቬነስ ደለዊ ላይ ናት፣ 22 ዲግሪ አካባቢ። ከአሰድ ሲቆጠር ደለዊ 7ኛ ቤት ነው። 7ኛ ቤት የትዳር ቤት ብቻ ሆኖ ነው የሚወራው፤ ነገር ግን የደንበኛ፣ የሸሪክ፣ የውል ተቀባይ፣ ፊት ለፊት የሚገጥምሽ ተከራካሪም ቤት ነው። የሥራ ገዢ 7ኛ ቤት ሲገባ ሥራው የሚመጣው በሌላ ሰው በኩል ነው። ብቻሽን ክፍል ዘግተሽ የምትሠሪው ነገር ስምሽን አያወጣም። ከደንበኛ ጋር ቁጭ ብለሽ፣ ተከራክረሽ፣ ተስማምተሽ የምትጨርሺው ያወጣል። ደለዊ ደግሞ ነገሩን ወደ ብዙ ሰው ይገፋዋል፦ ማኅበር፣ ዕቁብ፣ ኅብረት ሥራ፣ የነጋዴ ጓደኛሞች።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ቬነስ በማን ቤት እንግዳ እንደሆነች ነው። የደለዊ ጌታ ሳተርን ነው፤ ያንቺ ሳተርን ሑት ላይ ነው፣ 8ኛ ቤት። 8ኛ ቤት የሰው ገንዘብ ነው፤ ዕዳ፣ ግብር፣ ውርስ፣ የሌላ ሰው ሒሳብ። ሳተርን እዚያ ሲሆን የሰው ገንዘብ በኃላፊነት መያዝን ያሳያል። ልትሸሺው ያሰብሽው ሥራ ቻርቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሳተርን ከፀሐይ በ13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። እንዲህ ለፀሐይ የቀረበ ፕላኔት በድሮው አነጋገር «በብርሃን የተሸፈነ» ይባላል፤ ሥራው አለ፣ አይታይም። ሒሳቡን አንቺ ትዘጊያለሽ፣ ምስጋናው ለሌላ ይሄዳል። ስልቸታሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ከሒሳቡ ከራሱ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልጠርጥር። ሒሳብ ሠራተኛ መሆንሽን አስቀድመሽ ነግረሽኛል። ነርስ ነኝ ብትይኝ ከዚያው 8ኛ ቤት በሽታንና የሰው ጭንቀትን ማውጣት አያቅተኝም ነበር። ካወቁ በኋላ ማስማማት ለማንም ኮከብ ቆጣሪ ቀላል ነው። ስለዚህ ከዚህ ንባብ ክብደት መስጠት ያለብሽ ያልነገርሽኝን ነገር ለሚናገረው ክፍል ነው። ከሕይወትሽ ጋር አስተያይው፣ ካልገጠመ ጣይው።

ያልነገርሽኝ ይኸውልሽ። ማርስ አሰድ ላይ 13 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከወጪው ነጥብ በአራት ዲግሪ ብቻ ርቆ። በዚያ ሳምንት ወደ ኋላ መሄዱን ጨርሶ ሊዞር ሦስት ቀን ያህል ቀርቶት ስለነበር ቆሟል ማለት ይቻላል። የቆመ ማርስ ብርቱ ነው። ፊት ለፊቱ ቬነስን ያያል። እንዲህ ሲሆን ስም የሚበላሸው በስንፍና ወይም በችሎታ ማነስ አይደለም። ከሸሪክ ወይም ከደንበኛ ጋር በተነሳ፣ በሰው ፊት በተነገረ ጠብ ነው። ምናልባትም ጥፋቱ ያንቺ ሳይሆን፣ እውነቱን በጮኸ ድምፅ ስለተናገርሽ። ከሩቅ ያለው ሰው የሚሰማው ግን ጩኸቱን ብቻ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ነጋዴ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል።

መልካሙ ነገር ጁፒተር ነው። በገዛ ኮከቡ በቀውስ ላይ ነው፣ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ 5ኛ ቤት። ቬነስንም ማርስንም በመልካም ዓይን ያያል። በቀን ለተወለደ ሰው ጁፒተር ዋናው ረዳት ነው። ጠቡን ያለዝባል፣ ሽማግሌ ይሆናል። በተግባር ሲተረጎም፣ ከሸሪክ ጋር ሲጋጭብሽ ሦስተኛ ሰው መሐል ማስገባት ይረዳሻል። ለሽምግልና ደግሞ የወሎ ሰው መካሪ አያሻውም።

«ዩራነስስ የት ሄደ?» እንደምትይ አውቃለሁ። አልጠፋም። ጀዲ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከሚድሄቨንሽ ግን በጣም ርቋል። ድንገተኛ ዝና የሚለው ትንቢት የተመሠረተው በእሱ ቅርበት ላይ ስለነበር አብሮት ወድቋል። ቴክኖሎጂ መማር ከፈለግሽ ተማሪ፤ ቻርትሽ አይከለክልሽም፣ አላዘዘሽምም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንዳንድ አፕ፣ በተለይ የሕንዱን ዘዴ የሚከተለው፣ ኮከቦቹን በ24 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይስባቸዋል። በዚያ ዘዴ ያንቺ ሚድሄቨን ሐመል ይሆናል፣ ገዢውም ማርስ። ሁለቱም ዘዴ የራሱ ሕግ አለው። አንዱን ያዢ፤ ከአንዱ ሚድሄቨን፣ ከሌላው ትርጉም እየወሰድሽ አትቀላቅዪ። በስምና በእናት ስም ፊደል የሚቆጠረው የአገራችን ኮከብም እንዲሁ ነው። እሱ የልደት ሰዓት አይፈልግም፣ ሚድሄቨንም የለውም። «ስሜ ሲቆጠር ሚዛን ነኝ፣ ቻርቴ ሌላ አለኝ» ብለሽ አንዱን በሌላው አትሽሪ።

ሁለተኛው ክብድ ይላል። ኮከብ ቆጠራ በሳይንስ የተረጋገጠ ዕውቀት አይደለም። ለኔ ራስን የመመልከቻ ጥሩ ጥያቄ ያስነሳል፤ የደመወዝ ዋስትና ግን አይሆንም። ሚድሄቨን ሥራ የምትለቂበትን ቀን አያውቅም፣ የኮምቦልቻን ገበያም አያውቅም። ማንም ኮከብ ቆጣሪ «ልቀቂ» ካለሽ፣ እኔም ብሆን፣ አትስሚው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አትልቀቂ። ቻርቱን በ15:00 እንደገና አውጪው፣ የድሮውን ከስልክሽ አጥፊው። ከዚያ ሥራሽን ሳትለቂ፣ ውልሽ የሚፈቅድልሽ ከሆነ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሁለት ወይም የሦስት ትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ በራስሽ ስም ያዢ። ሥራው ያው ሒሳብ ነው፤ የሚለየው ደንበኛው ፊት ለፊትሽ መሆኑና ስምሽ ወረቀቱ ላይ መጻፉ ነው። የ7ኛ ቤት ቬነስ የምትለው እውነት ከሆነ፣ እስከ ግብር ወቅት ድረስ ከነሱ አንዱ ሌላ ደንበኛ ይዞልሽ ይመጣል። ካልመጣ ንባቤ አንቺ ላይ አልሠራም ማለት ነው፣ የከሰርሽውም ጥቂት ምሽት ብቻ ነው።

ሸሪክ ካስፈለገሽ ደግሞ በቃል አትግቢ። ድርሻው፣ የመውጫው መንገድና ጠብ ሲነሳ የሚዳኛችሁ ሰው ማን እንደሆነ ገና ሳትጀምሩ፣ እየተሳሳቃችሁ ሳላችሁ፣ በጽሑፍ ይስፈር። ከደንበኛ ጋር የተጋጨሽ ቀንም መልሱን ሱቁ በር ላይ ቆመሽ አትስጪ፤ በማግስቱ ቁጥሩን ይዘሽ፣ ተቀምጠሽ ስጪ።